ዋርዶቹን መዘርዘር ወይስ አንድ ታካሚ ማሳየት? ለአዲስ ነርስ የማመልከቻ ደብዳቤ ንጽጽር

ባለፈው ጊዜ ለሁለት ክፍት ቦታ ማስታወቂያ አውጥተን የመጣው የማመልከቻ ክምር የጠረጴዛዬን ግማሽ ያዘ። ቦታው የውስጥ ደዌ ነው፤ ሁላችንም ሜዲካል ዋርድ የምንለው። ቴምፖው አንድ ዓይነት፣ ስቱደንት ኮፒው አንድ ዓይነት፣ ሲቪው ደግሞ ከአንድ ኮምፒውተር ቤት የወጣ ነው የሚመስለው። ሁሉም አራት ዓመት ተምሯል። ሁሉም የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አልፏል። ነጥባቸውም ቢሆን ብዙ አይራራቅም። አንዱን ከሌላው የምለይበት ወረቀት አንድ ብቻ ነው፦ ከላይ የተቀመጠችው ደብዳቤ።

እሷን ደብዳቤ ተመራቂዎች በሦስት መንገድ ይጽፏታል። አንደኛው ያለፈባቸውን ዋርዶች በሙሉ ይዘረዝራል። ሁለተኛው የራሱን ባሕርይ ያወድሳል። ሦስተኛው አንድ ታካሚ ላይ ምን እንደሠራ ይናገራል። አንደኛውና ሦስተኛው የየራሳቸው ቦታ አላቸው፣ ሁለተኛው ግን የለውም። እሱን ቶሎ ልጨርሰው።

«ታታሪ፣ ሩህሩህ፣ በቡድን መሥራት የምወድ፣ ጫናን መቋቋም የምችል ነርስ ነኝ።» ይሄን ዓረፍተ ነገር በዚያ ክምር ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። ቃላቱ መጥፎ ሆነው አይደለም። «ርህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለው በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አመልካቹ ከዚያ ገልብጦ ይሁን ከልቡ ይሁን በምን አውቃለሁ? ሩህሩህ አይደለሁም ብሎ የጻፈ ሰውም እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ዓይኔ ይዘለዋል። በቃ፣ ይሄንን መንገድ ተዉት።

እውነተኛው ምርጫ በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ነው።

ዝርዝሩ መቼ ይጠቅማል?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ተመረቀች። የመጀመሪያ ደብዳቤዋን ይዛ ቤቴ መጣችና «አክስቴ፣ እስኪ እይልኝ» አለችኝ። እንዲህ ይላል፦ «በትምህርት ቆይታዬ በሜዲካል፣ በሰርጂካል፣ በሕፃናት፣ በማህፀንና ጽንስ፣ በድንገተኛ፣ በፅኑ ሕሙማን፣ በኦፕሬሽን ክፍል፣ በአእምሮ ሕክምና እና በጤና ጣቢያ ተመድቤ በቂ ልምድ ያካበትኩ ሲሆን…»

«ይሄን ዝርዝር የክፍል ጓደኛሽ ብትጽፈው ምን ይለያል?» አልኳት።

አሰበችና «ምንም» አለች።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የተመደባችሁበት ዋርድ የናንተ ታሪክ ሳይሆን የካሪኩለሙ ነው። ነርሲንግ የተማረ ሁሉ በነዚያ ክፍሎች አልፏል። አንባቢው የሚያውቀውን ነገር ነው የነገራችሁት። ይባስ ብሎ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ሁለት ሳምንት ቆሞ ማየትና ሜዲካል ዋርድ ሁለት ወር ሌት ተቀን መሥራት በዝርዝሩ ላይ እኩል አንድ አንድ ቃል ሆነው ይቀመጣሉ።

ግን ዝርዝሩን አትጣሉት። መንግሥት ሆስፒታል ስታመለክቱ ማመልከቻውን መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ የሰው ሀብት ባለሙያ ነው። እሱ የሚፈልገው የትምህርት ደረጃ፣ የሙያ ፈቃድ፣ ነጥብ፣ የተያያዙ ማስረጃዎች ነው። ቀጥሎ የጽሑፍ ፈተና ይመጣል፤ የሚለያችሁም ፈተናው ነው። እዚያ የታካሚ ታሪክ ብትጽፉ የሚያነብ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ለመንግሥት ቦታ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ጉዳዩን በአንድ መስመር፣ የተመረቃችሁበትን ዓመት፣ የፈቃዱን ሁኔታ፣ ዋርዶቹን ከነቆይታቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የተያያዙትን ሰነዶች ብዛት ጽፋችሁ ፈርሙ። ማስታወቂያው በአማርኛ ከሆነ ደብዳቤውም በአማርኛ ይሁን።

የግል ሆስፒታል ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ሜትረኗ ወይም የነርሲንግ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። እኛ ደግሞ ስናነብ አንድ ጥያቄ ነው በጭንቅላታችን ያለው፦ ይቺን ልጅ ማታ 18 ታካሚ ይዛ ብቻዋን ብተዋት እተኛለሁ ወይ? ለዚህ ጥያቄ ዝርዝሩ መልስ የለውም።

አንዱን ታካሚ መምረጥ

ለእህቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። «ከሁሉም አታችመንት የማትረሺያት ታካሚ ማን ናት?» መጀመሪያ የነገረችኝ ድንገተኛ ክፍል ልቡ ቆሞ ስለመጣ ወጣት ነው። ሲፒአር ተሠራለት፣ ሰው ተሯሯጠ፣ ተመለሰ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። «አንቺ ምን ሠራሽ?» አልኳት። «ጓንት አቀበልኩ» አለች።

ይሄ የብዙዎች ስህተት ነው። የሚጽፉት ትልቁን ኬዝ ነው እንጂ እነሱ የሠሩትን አይደለም። ኢንተርቪው ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ታሪኩ ይፈርሳል። ኦፕሬሽን ክፍልም እንዲሁ ነው። ተማሪ እዚያ በአብዛኛው ቆሞ ያያል። ስክራብ ሆናችሁ ካልገባችሁ በቀር ደብዳቤያችሁን በሱ አትጀምሩ።

ደግሜ ጠየቅኳት። በዚህ ጊዜ እንደ ተራ ነገር አድርጋ የነገረችኝ ይሄን ነው። ሜዲካል ዋርድ የልብ ድካም ያለባቸው አንዲት እናት ተኝተዋል። እግራቸው አብጧል፣ ላሲክስ በደም ሥር ይሰጣቸዋል። የገባና የወጣ ፈሳሽ በቻርት ይመዘገባል፤ ክብደታቸው በየቀኑ ይለካል። አንድ ቀን ጠዋት ቻርቱን ስታይ ባለፈው 24 ሰዓት የገባው 1500 ሚሊ ነው፣ የወጣው ሽንት 400 ብቻ። ክብደታቸው ግን ከትናንት ወዲህ ከ61.4 ወደ 60.2 ኪሎ ወርዷል።

እስኪ አስቡት። አንድ ሊትር ፈሳሽ ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ቻርቱ እንደሚለው ከአንድ ሊትር በላይ ሰውነታቸው ውስጥ ቀርቷል። በላብና በትንፋሽ የሚወጣውን ብትቀንሱት እንኳ ክብደታቸው አንድ ኪሎ ከምናምን ሊወርድ አይችልም። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ሚዛኑ ያው የትናንቱ ነው፤ የመዘኗቸውም እንደ ሁልጊዜው ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ሽንት ቤት ደርሰው ከመጡ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚዋሸው ቻርቱ ነው።

ሄዳ አስታማሚዋን ጠየቀቻት፤ የሴትየዋ ልጅ ናት። ልጅቷ ሌሊት እናቷን ፖፖ ላይ ታስቀምጥና ሽንቱን ሽንት ቤት ትደፋዋለች። ነርስ ላለማስቸገር ብላ ነው። ማንም «ለኪ» አላላትም። የእህቴ ልጅ ነገሩን ለፕሪሴፕተሯ ተናገረች። ፕሪሴፕተሯ ደግሞ ራውንድ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ነገረችው፤ ያኔ የላሲክሱን መጠን ለመጨመር እያሰበ ነበር። ከዚያ የእህቴ ልጅ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ከላይ ቆርጣ፣ ፕላስተር ለጥፋ፣ በየ100 ሚሊው ምልክት አድርጋ ለአስታማሚዋ ሰጠቻት። የሌሊቱን እየለካች ወረቀት ላይ በጭረት እንድትይዝ አሳየቻት።

«ይሄንን ነው የምትጽፊው» አልኳት።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ምንም አይደለም» አለች።

ምንም አይደለም የምትለው እሷ ናት። እኔ ያየሁት ሌላ ነው፦ ሁለት ቁጥር አስተያይታ ስህተት የምታገኝ፣ አስታማሚን ሳትቆጣ የምታስረዳ፣ ያየችውን ለሚመለከተው ሰው በጊዜ የምትናገር ልጅ። «በቡድን መሥራት»፣ «ከታካሚ ጋር መግባባት»፣ «ንቁ መሆን» የሚባሉት ሁሉ አንድ ሃይላንድ ውስጥ ገብተዋል።

የትኛውን ዋርድ ለየትኛው ቦታ?

ታካሚው ከምታመለክቱበት ክፍል ጋር መገጣጠም አለበት። ለሜዲካል ዋርድ ከላይ ያለው ይሆናል። ለድንገተኛ ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው የምፈልገው፤ ትሪያጅ ላይ የሠራችሁትን። ቢጫ ተብሎ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እየባሰበት ሲሄድ ቪታል ሳይን ደግማችሁ ለክታችሁ ወደ ብርቱካናማ እንዲዛወር ያደረጋችሁበት ቀን ካለ፣ ከሲፒአሩ እሱ ይበልጣል።

ለሕፃናት ክፍል ደግሞ ትንፋሽ መቁጠር እንኳ ይበቃል። ብዙ ተማሪ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ያባዛል። የሕፃን ትንፋሽ ግን ይቆራረጣል፣ ስለዚህ ሙሉ ደቂቃ መቆጠር አለበት። ዕድሜው ከ2 እስከ 12 ወር ለሆነ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። «ሕፃኑ እስኪረጋጋ እናቱ ጡት እንድትሰጠው አድርጌ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ» ብሎ የጻፈ ሰው ሕፃናት ክፍል እንደነበረ አምናለሁ።

ማስታወቂያው ዝም ብሎ «ነርስ» ካለና ክፍሉን ካልጠቀሰስ? ሜዲካል ወይም ሰርጂካል ዋርድን ምረጡ። አዲስ ነርስ ብዙውን ጊዜ የሚመደበው እዚያ ነው። የጤና ጣቢያ ልምምድም አትናቁ፤ የጎንደር ልጆች ቲቲፒ የሚሉትን ዓይነት ከሐኪምና ከላቦራቶሪ ተማሪዎች ጋር በቡድን የወጣችሁ ከሆነ አንድ መስመር ይገባዋል። ግን ለሆስፒታል ቦታ መክፈቻ አታድርጉት።

ቁጥር ወይስ ቅጽል?

ስለ ክህሎት ስትጽፉም ምርጫ አለ። «ካኑላ በማስገባት ጥሩ ችሎታ አለኝ» ማለት ይቻላል። «በሎግ ቡኬ የተፈረመልኝ 32 ካኑላ ነው» ማለትም ይቻላል። ሁለተኛው ይሻላል፤ ግን የተፈረመውን ብቻ። ሎግ ቡካችሁን አምጡ ብል 32 ፊርማ መቁጠር መቻል አለብኝ። ፊርማ ከሌለ ቁጥሩን ተዉትና ክህሎቱን ብቻ ጥቀሱ።

ከቁጥሩም የበለጠ የምወደው ዓረፍተ ነገር አለ። አንድ ልጅ ጽፎልኝ ነው፦ «ሁለት ጊዜ ሞክሬ ካልገባልኝ ሦስተኛ አልወጋም፣ ሰው እጠራለሁ።» በዚያ ክምር ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። ልምድ የሌለውን ነርስ አልፈራም። የማይጠራውን ነርስ ነው የምፈራው።

የጻፋችሁትን ሁሉ ደግሞ ልትጠየቁበት እንደምትችሉ አስቡ። ደብዳቤው ላይ «የደም ሥር ፈሳሽ መስጠት» የሚል ካየሁ ኢንተርቪው ላይ ወረቀት አቀብልና እጠይቃለሁ፦ አንድ ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ተብሏል፣ ሴቱ በሚሊ 20 ጠብታ ነው፣ በደቂቃ ስንት ጠብታ ታደርጋለህ? 1000 በ20 ይባዛል፣ ለ480 ደቂቃ ይካፈላል፣ 42 ገደማ ይመጣል። ከባድ ሒሳብ አይደለም። ግን ስምንት ሰዓቱን ወደ ደቂቃ መለወጥ ረስቶ 2500 ጠብታ ያለኝ አለ። መልሱ ሲወጣ አለመደንገጡ ነው ያስደነገጠኝ። በደቂቃ 2500 ጠብታ እኮ ቧንቧ ነው!

ሌላው ጥንቃቄ ተማሪ እንደነበራችሁ አለመደበቅ ነው። «ደም ሰጥቻለሁ»ና «በፕሪሴፕተሬ ክትትል ደም ሲሰጥ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች አጠገብ ቆሜ ቪታል ሳይን ተከታትያለሁ» ሩቅ ለሩቅ ናቸው። ሁለተኛው ትንሽ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። የደም ሪአክሽን ቶሎ የሚታየው በነዚያ ደቂቃዎች እንደሆነ ማወቃችሁንም ይነግረኛል።

ደብዳቤው ተጽፎ ሲያልቅ

የእህቴ ልጅ ለአንድ የግል ሆስፒታል ሜዲካል ዋርድ የላከችው በመጨረሻ ይሄን መሰለ። ስሞቹን አውጥቻቸዋለሁ።

> ለ…… ሆስፒታል የነርሲንግ አገልግሎት
>
> ጉዳዩ፦ ለሜዲካል ዋርድ ነርስ ክፍት ቦታ ስለማመልከት
>
> በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ለወጣው የነርስ ቦታ አመለክታለሁ። ዘንድሮ ከ…… ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄያለሁ። የሙያ ፈቃዴ ወጥቷል፣ ቅጂው ተያይዟል።
>
> ረጅሙ ልምምዴ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ሜዲካል ዋርድ ያሳለፍኩት ስምንት ሳምንት ነው። በዚያ በልብ ድካም የተኙ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት የፈሳሽ ቻርታቸው ሽንታቸው በጣም ማነሱን ያሳያል፤ ክብደታቸው ግን ከአንድ ኪሎ በላይ ቀንሷል። ሁለቱ አልገጥም ስላለኝ አስታማሚያቸውን ጠየቅኩ። የሌሊቱ ሽንት ሳይለካ እንደሚደፋ ነገረችኝ። ለፕሪሴፕተሬ ወዲያው አሳወቅኩ፤ ነገሩ ከራውንድ በፊት ለሐኪሙ ተነገረ። ለአስታማሚዋ ምልክት ያለው መለኪያ አዘጋጅቼ አጠቃቀሙን አሳየኋት፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ቻርቱ ሙሉ ሆነ።
>
> በዚያው ዋርድ በክትትል ሥር መድኃኒት አዘጋጅቼ ሰጥቻለሁ፣ ካኑላና የሽንት ካቴተር አስገብቻለሁ፣ መነሳት የማይችሉ ታካሚዎችን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጫለሁ። የተፈረመው ሎግ ቡኬ አብሮ ተያይዟል። በድንገተኛ፣ በሕፃናትና በሰርጂካል ክፍሎችም ተመድቤ ሠርቻለሁ። በፅኑ ሕሙማን ክፍል የቆየሁት ለሁለት ሳምንት በመመልከት ነው።
>
> አማርኛና አፋን ኦሮሞ እናገራለሁ። የሌሊት ዱቲ እገባለሁ። ሥራ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ።
>
> ከሰላምታ ጋር

ከአንድ ገጽ አልዘለለም። የመጀመሪያው ላይ ስምንት ዘጠኝ ዋርድ ነበር፤ አሁን ዋናው አንድ ነው፣ የቀሩት በአንድ መስመር አልፈዋል። ፅኑ ሕሙማን ክፍል «በመመልከት» የምትለውን ቃል ስትጨምር ተከራክራኛለች። «ራሴን አሳንሳለሁ» አለች። እኔ ደግሞ ሌላውን ሁሉ የሚያሳምነው እሷ ቃል ናት አልኳት።

የቋንቋውን መስመርም መጀመሪያ ሲቪው ላይ ታች «ሌሎች ክህሎቶች» ከሚለው ሥር፣ ከኮምፒውተር ችሎታ ጋር ነበር የወተፈችው። አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ ታካሚዎች በየቀኑ ይመጣሉ። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ በቋንቋቸው የሚነግራቸው ነርስ ከተገኘ፣ ጽዳት ሠራተኛ ጠርቶ ማስተርጎም ይቀራል። ይሄ የታካሚ እንክብካቤ ክህሎት ነው፤ ከኤክሴል ጋር ምን አገናኘው?

ስለ ታካሚዋም አንድ ነገር አስተውሉ። ስማቸው የለም፣ የአልጋ ቁጥራቸው የለም፣ ሆስፒታሉም አልተጠቀሰም፣ ክብደታቸው በትክክል አልተጻፈም። «በልብ ድካም የተኙ አንዲት እናት» ብቻ። የታካሚን ስምና የካርድ ቁጥር ደብዳቤ ላይ ጽፎ የላከልኝ አመልካች ነበር። ልምዱ ጥሩ ነበር፣ ግን ነገ የኛን ታካሚ ምስጢር የት እንደሚያወራው ስላላወቅኩ አልጠራሁትም።

አማርኛ ወይስ እንግሊዝኛ?

ማስታወቂያው በወጣበት ቋንቋ። የግል ሆስፒታሎችና ድርጅቶች ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ያወጣሉ፤ ቻርቱም ሆነ የነርሲንግ ኖቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደብዳቤያችሁን ስናነብ ኖታችሁን እያየን ነው። እዚህ ጋ የሚበላሸው ሰዋስው ብቻ አይደለም። የአማርኛውን «በታላቅ አክብሮትና ትሕትና» ይዘው ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግሩት ግማሽ ገጽ ይጨርሳል፣ ታካሚዋ ላይ ሳይደርሱ። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ኖት እንደምትጽፉ አስቡ፦ ምን አያችሁ፣ ምን አደረጋችሁ፣ ለማን ነገራችሁ፣ ምን ሆነ። አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ያለፈ ጊዜ።

ከኢንተርኔት የወረደ ሞዴል ደብዳቤ ላይ ስም ብቻ ቀይሮ መላክ የሚያስከትለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ግን አሁንም ይደረጋል። የሌላ ሆስፒታል ስም ያለበት ደብዳቤ በዚያው ክምር ውስጥ አራት አገኘሁ። አንዱማ «የሆስፒታሉ ስም» የሚለውን ራሱን ሳይቀይር ነው የላከው።

ፈቃዳችሁ ገና ካልወጣም አትደብቁት። «ፈተናውን ወስጃለሁ፣ ውጤት እጠብቃለሁ» ብላችሁ ጻፉት። ያለ ፈቃድ ማንም ታካሚ አጠገብ አያስቀምጣችሁም፣ ስለዚህ በመጨረሻ መታወቁ አይቀርም። ኢንተርቪው ላይ ከሚታወቅ ደብዳቤው ላይ ቢታወቅ ነው የሚሻለው።

የእህቴ ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተጠራች። ማታ ደወለችልኝ። ጠብታውን ጠየቋት፣ ሠራችው። ነጥቧን አልጠየቋትም። አንዲት መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሲስተር ግን ደብዳቤውን አንስተው «ይሄን መለኪያ ያልሽውን ከየት አመጣሽው?» አሏት። ሃይላንድ ቆርጣ እንደሠራችው ነገረቻቸው።

«ታዲያ መቶ መቶውን በምን ለክተሽ አሰመርሽው?»

«በሲሪንጅ ውሃ እየጨመርኩ።»

«የስንት ሲሪንጅ?»

«የ50። ሁለት ሁለቴ።»

ሲስተሯ ሳቁና ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፉ አለችኝ። ምን እንደጻፉ አላየችም።